ክሎሩ ቢተንም ጨዉ አይተንም፦ ስለ ሥጋ በል ተክሎች ለተጻፈው ምላሽ

«ሥጋ በል ተክል እንደማንኛውም የቤት አበባ ነው። ያደረ የቧንቧ ውሃ፣ ጥሩ ጥቁር አፈር፣ በወር አንዴ ማዳበሪያ። ሌላው ማካበድ ነው።»

ጽሑፉን ሰሞኑን ብዙ ሰው ተቀባብሎታል፣ ለእኔም ደርሶኛል። አጻጻፉ ደስ ይላል። ጸሐፊው አበባ እንደሚወዱም ያስታውቃል። ምክሩ ለጽጌረዳ ቢሆን ኖሮ አንድ ቃል አልጨምርም ነበር። የተጻፈው ግን ስለ ቬነስ ፍላይትራፕ ነው፣ ዝንብ ሲያርፍባት ቅጠሏን ግጥም አድርጋ ስለምትዘጋው ትንሽ ተክል። እኔ በምኖርበት ቨርጂኒያ ጸደይ ሲገባ በቤት ዕቃ መደብሮች በትንሽ ፕላስቲክ ኩባያ ትሸጣለች፤ ልጅ አይቶ ካልተገዛልኝ ብሎ ያለቅሳል፣ ወላጅ ይገዛል፣ በጋው ሳያልቅ ትደርቃለች። ባብዛኛው የምትሞተው ደግሞ ልክ እንዲህ ባለው ምክር ነው።

ስለዚህ ነጥብ በነጥብ እሄዳለሁ። ሌሎቹን ሥጋ በሎች እግረ መንገዴን እነካካለሁ፣ ዋናዬ ግን እሷው ነች።

«የቧንቧ ውሃ ጉዳቱ ክሎሩ ብቻ ነው። ባልዲ ውስጥ ሌሊቱን ይደር ወይም ይፍላ፤ ከዚያ በኋላ ምንም አይላትም።»

ክሎር እዚህ ነገር ውስጥ ትንሹ ተከሳሽ ነው። ዋናው ጥፋተኛ ውሃው ውስጥ የሟሟው ማዕድን፣ በሌላ ስሙ ጨው፣ ነው፦ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ሶዲየም፣ ባይካርቦኔት። የሻይ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚጋገረው እሱ ነው። ይህ ነገር አይተንም። ውሃው ይተናል፣ እሱ ይቀራል። ባልዲውን አንድ ሌሊት ብታሳድሩት ጠዋት የምታገኙት ማዕድን አንድም አልቀነሰም፣ እንዲያውም ከላይ ትንሽ ውሃ ስለተነነ በጥቂቱ ወፍሯል።

ማፍላትም ብዙ አይረዳም። ሲፈላ ከካልሲየሙ ከፊሉ ከታች ይጋገራል፣ ይሄ እውነት ነው። ሶዲየሙ፣ ክሎራይዱና ሰልፌቱ ግን እዚያው ናቸው፤ ውሃው ሲቀንስ ደግሞ እነሱ ይበረታሉ። በነገራችን ላይ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ላለን ሰዎች የክሎሩም ምክር ራሱ አይሠራም። እዚህ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ውሃው የሚታከመው በክሎራሚን ነው፣ ክሎራሚን ደግሞ በአንድ ሌሊት በንኖ የሚጠፋ ነገር አይደለም።

አሁን ሂሳቡን እንሥራው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው «እኔ የቧንቧ ውሃ እሰጣታለሁ፣ ምንም አልሆነችም» የሚለው ሂሳቡን ስላልሠራ ነው። በውሃ የሟሟውን ነገር በጠቅላላ የሚለካ ቲዲኤስ ሜትር የሚባል እስክሪብቶ የሚያክል መሣሪያ አለ። ውሃ ውስጥ ትነክሩታላችሁ፣ ቁጥር ያወጣል። የእኔ ወጥ ቤት ውሃ ላይ ወደ 200 ያሳያል። ይህም በአንድ ሊትር ውስጥ 200 ሚሊ ግራም ገደማ ማዕድን አለ ማለት ነው። ለሰው ምንም የማይል፣ ደህና ውሃ ነው።

ፍላይትራፕ ማሰሮዋ ሳህን ላይ ተቀምጦ፣ ሳህኑ ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ውሃ ኖሮ ነው የምትኖረው። በሙቀት ወራት ከቅጠሏም ከአፈሩም የሚተነው ተደምሮ በቀን 100 ሚሊ ሊትር ይሄዳል እንበል፣ ግማሽ ብርጭቆ ያህል። በ4 ወር፣ ማለትም በ120 ቀን፣ 12 ሊትር ጨመራችሁ ማለት ነው። 12 ሊትር በ200 ሲባዛ 2,400 ሚሊ ግራም ይመጣል። ውሃው በሙሉ አየር ላይ ሄዷል። ሁለት ግራም ተኩል የሚጠጋው ማዕድን ግን ከታች የሚወጣበት መንገድ ስለሌለው ማሰሮው ውስጥ ቀርቷል። ማሰሮው በአንድ ጊዜ የሚይዘው ውሃ ግማሽ ሊትር ቢሆን፣ ሥሯ አሁን የቆመችው በሊትር 4,800 ሚሊ ግራም በሆነ ውሃ ውስጥ ነው። ከፊሉ ይጋገርና አይሟሟም፣ እሺ፣ ግማሹን ቀንሱለት። እንደዚያም ሆኖ ከቧንቧው ከወጣው አሥር እጥፍ በላይ ነው።

ያንኑ ሂሳብ 10 ብቻ በሚያሳይ የዝናብ ውሃ ሥሩት። በ120 ቀን 120 ሚሊ ግራም፣ ቁንጥር እንኳ የማይሞላ። የዝናብና የተጣራ ውሃ ጉዳይ ይኸው ነው። ስስት ወይም ቅንጦት አይደለም።

ለምን ትጎዳለች ለሚለው፦ ሥር ውሃ የሚስበው በውስጡ ያለው ፈሳሽ ከውጪው ይልቅ ጨዋማ ስለሆነ ነው። ውጪው ጨዋማ በሆነ ቁጥር መሳቡ ይከብደዋል። እንደ ቲማቲም ያለ ተክል የተወሰነ ጨው ቢመጣበት የሚቋቋምበት መላ አለው። ፍላይትራፕ ግን ያደገችው ጨው በሌለበት አገር ነው፣ ይህን መላ አልሠራችም። ስለዚህ ውሃ ውስጥ ቆማ ትጠማለች። ሁለተኛው ጣጣ ባይካርቦኔቱ ነው። የምትወደውን የአፈር አሲድ ቀስ በቀስ ያከሽፈዋል፤ አሲዱ ሲጠፋ ደግሞ አበስባሽ ተሕዋስያን አፈሩ ውስጥ ይመቻቸዋል፣ ሥሯም ይጠቁራል።

እንዴት ታውቃላችሁ? መጀመሪያ የማሰሮውን አፍና የአፈሩን ላይ እዩ። ነጭ ወይም ቢጫማ ቅርፊት ካለ ማዕድን እየወጣ ነው። ቀጥሎ አዲሶቹን ቅጠሎች ተመልከቱ። አሮጌ ቅጠል መጥቆሩ ምንም አይደለም፣ ዕድሜው ነው። አዲሱ ቅጠል ከበፊቱ እያነሰ ከመጣ፣ ወጥመዱ ሳይከፈት ጫፉ ከጠቆረ ግን ችግሩ ከታች ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ከጸሐፊው በተቃራኒ ጫፍ ያሉ ሰዎች የሚያጋንኑትን። ጉዞ ላይ ሆናችሁ፣ ሳህኑ ደርቆ፣ ቤት ውስጥ ሌላ ውሃ ከሌለ የቧንቧውን ስጧት። አንድ ኩባያ የቧንቧ ውሃ አይገድላትም። ድርቀት ግን ይገድላታል። የሚገድለው ልማድ ሲሆን ነው።

«የቧንቧውን ካልፈለጋችሁ ንጹህ የታሸገ ውሃ ስጧት፤ ወይም ቤት ባለው ማጣሪያ አጣሩት።»

ንጹህ ማለት ለማን? የታሸገ ውሃ ለሰው ንጹህ ነው፣ ጀርም የለውም። ማዕድን ግን አለው፣ አንዳንዱ እንዲያውም ተጨምሮበት ነው የሚመጣው፣ ጣዕሙ ከዚያ ስለሆነ። አዲስ አበባ የምትገዙትን ጠርሙስ አዙሩና ከጀርባው ያለውን ሠንጠረዥ አንብቡ። ብዙዎቹ ላይ ቲዲኤስ ተብሎ ቁጥር ተጽፏል። ከ50 በታች ከሆነ ጥሩ ነው፣ ከ50 እስከ 100 ለጊዜው ይቻላል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ለራሳችሁ ጠጡት።

ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው የከሰል ማጣሪያ ጣዕምና ክሎር ይወስዳል እንጂ ማዕድኑን እንዳለ ያሳልፈዋል ማለት ይቻላል። በቲዲኤስ ሜትር ከማጣራቱ በፊትና በኋላ ለክታችሁ ልዩነቱ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ እዩ። ከሁሉ የባሰው ውሃ ማለስለሻ ነው፣ አሜሪካ ባሉ አንዳንድ ቤቶች ምድር ቤት የሚቀመጠው በጨው የሚሠራው ማሽን። እሱ ካልሲየሙን ወስዶ በምትኩ ሶዲየም ይሰጣችኋል። ለልብስ ማጠቢያ ድንቅ ነው፣ ለዚህች ተክል መርዝ ነው።

የሚሠሩት ጥቂት ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ከሱፐርማርኬት በጋሎን የሚሸጠው ዲስትልድ፣ ማለትም ተንኖ መልሶ የተጠራቀመ፣ ውሃ ቀላሉ ነው፤ ጋሎኑ ላይ ዲስትልድ መባሉን እዩ እንጂ ስፕሪንግ የሚለውን አታንሱ፣ ጎን ለጎን ነው የሚደረደሩት። በሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ ማለትም ውሃን በግፊት በስስ ሽፋን በሚያሳልፍ ማጣሪያ፣ የተጣራ ውሃም ይሆናል። አዲስ አበባ ላላችሁ ደግሞ እንኳን ጋሎን መግዛት፣ ክረምቱ ራሱ ከበቂ በላይ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ነው። አንድ ቀን ሞቅ ያለ የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ ከጠባብ በረንዳ ጣሪያ ላይ ብቻ ጀሪካን ይሞላል። የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ ተዉት፣ ከቆርቆሮው ላይ አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚወርድ። ከዚያ በኋላ ያለውን ቅዱ። ቆርቆሮው ገና አዲስ ከሆነ ዚንክ ስለሚለቅ ውሃውን ከጣሪያው ከመቅዳት ይልቅ ሰፋ ያለ ሳፋ ሜዳ ላይ ብታስቀምጡ ይሻላል። ክዳን ባለው ጀሪካን ጥላ ውስጥ ካስቀመጣችሁት እስከ በጋው ይቆያል።

ነዳጅ ማደያ የሚሸጠው የባትሪ ውሃስ ለምትሉ፣ በእርግጥ ዲስትልድ ከሆነ ይሠራል። ግን እዚያው መደርደሪያ ላይ የባትሪ አሲድም ይሸጣል፣ ጠርሙሱም ይመሳሰላል። ምልክቱን ሳታነቡ አትግዙ።

«ደካማ አፈር ላይ የምትኖረው ምርጫ አጥታ ነው። ጥሩ ጥቁር አፈርና ኮምፖስት ብታገኝ ትፈነድቃለች።»

ይሄኛው ግማሽ እውነት ስላለበት ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል። አዎ፣ በዱር የምትገኘው ሌላው ተክል እምቢ ያለው መሬት ላይ ነው። ቦታውም በዓለም አንድ ነው፦ የሰሜንና የደቡብ ካሮላይና የባሕር ዳርቻ ሜዳ፣ ዊልሚንግተን ከምትባለው ከተማ ዙሪያ። የሰሜን ካሮላይና ቅኝ ገዢ አስተዳዳሪ የነበረው አርተር ዶብስ በ1750ዎቹ መጨረሻ ለእንግሊዝ ወዳጁ የጻፈላት እዚያው አይቷት ነው። ከእኛ ከዲሲ አካባቢ በመኪና ግማሽ ቀን ነው፤ ካሮላይና ቢች የሚባለው የስቴት ፓርክ ውስጥ በስሟ የተሰየመ የእግር መንገድ አለ። ስትሄዱ ነቅላችሁ እንዳታመጡ፣ በሰሜን ካሮላይና ከ2014 ጀምሮ ከባድ ወንጀል ነው።

ቦታው ረጃጅም ጥድ ተራርቆ የቆመበት፣ ከሥሩ ሣር ብቻ ያለበት ሜዳ ነው። አፈሩ አሸዋ ሲሆን ከላዩ ጥቁር የበሰበሰ የተክል ቅሪት ተቀላቅሎበታል። ጥቁር ስለሆነ ለም ይመስላል፣ አይደለም። በዓመት ከ1,400 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይወርድበታል፣ አሸዋው ምንም አይዝም፣ የሚሟሟው ነገር ሁሉ ለዘመናት ታጥቦ ሄዷል። የቀረው እርጥብ፣ አሲዳማና ናይትሮጅን የሌለው መሬት ነው። እዚያ ላይ በቆሎ ብትዘሩ ክንድ ሳይሞላ ይቀራል።

ጸሐፊው የዘለሉት ቀጣዩን ነው። ተክሏ እዚያ መኖር የቻለችው ሰውነቷን ስለለወጠች ነው፣ ለውጡም ወደኋላ አይመለስም። ሥሯን ነቅላችሁ ብታዩት ያስቃል። ጥቂት ጥቁር ክሮች፣ በቃ። ዋና ሥራቸው ውሃ መሳብና ተክሏን መያዝ ነው። ምግቡን የሚያመጣው ቅጠሉ ነው። ዝንቡ ወጥመዱ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን ጸጉሮች አንዴ ሲነካ ምንም የለም፤ በ20 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ሁለተኛ ሲነካ ወጥመዱ ይዘጋል፤ እየተፍጨረጨረ ደጋግሞ ሲነካ ደግሞ የሚፈጨው ፈሳሽ መመንጨት ይጀምራል። ከሳምንት በኋላ ሲከፈት የሚቀረው ቅርፊቱ ብቻ ነው። ናይትሮጅኑም ፎስፈረሱም በቅጠሉ ገብቷል።

ይህ ሁሉ ዋጋ አለው። ወጥመድ የሆነ ቅጠል ፀሐይን ምግብ በማድረግ በኩል ከተራ ቅጠል ይደክማል። ቶማስ ጊቭኒሽ የሚባል የዕፅዋት ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር በ1984 ያቀረበው ሐሳብ ይህንኑ ነው የሚያስረዳው፦ ነፍሳት መብላት የሚያዋጣው ፀሐይና ውሃ ሞልቶ ንጥረ ነገር ብቻ ሲጎድል ነው። ለም አፈር ውስጥ ያ ሁሉ ወጪ ከንቱ ይሆናል፣ ሣሩም ይበልጣታል። ኮምፖስት ላይ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ኮምፖስት ሕያው ነገር ነው፣ በውስጡ ያለው ናይትሮጅንና ጨው በየቀኑ ይለቀቃል፣ ሳህን ላይ በተቀመጠ እርጥብ ማሰሮ ውስጥ ደግሞ አየር አጥቶ ይሸታል። ከቧንቧ ውሃው ያዳናችሁትን ጨው በአፈሩ በኩል መለሳችሁት ማለት ነው።

ታዲያ ምን ውስጥ ትተከል? ግማሽ ፒት፣ ግማሽ ፐርላይት። ፒት ማለት ረግረግ ውስጥ ለሺህ ዓመታት የተከማቸ ስፋግነም የሚባል ተክል ቅሪት ነው፣ አሲዳማና ባዶ። ፐርላይት ነጩ፣ ቀላሉ፣ አየር የሚያስገባው ጠጠር ነው። በፐርላይት ፋንታ የታጠበ የሲሊካ አሸዋ ይሆናል። የግንባታ አሸዋ ግን ተጠንቀቁ፣ ብዙ ጊዜ የኖራ ድንጋይ ይቀላቀልበታል። ፈተናው ቀላል ነው፦ አንድ ማንኪያ አሸዋ ላይ ኮምጣጤ አፍስሱ፤ አረፋ ካወጣ ኖራ አለው፣ ይቅር።

ፒቱን ስትገዙ ከረጢቱን አንብቡ። «እስከ 6 ወር ይመግባል» የሚል ካለበት ማዳበሪያ ገብቶበታል። እኔ የማውቃቸው ሰዎች በብዛት የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፣ ሁሉን ነገር በትክክል አድርገው ከረጢቱን ሳያዩ። ደረቅ ፒት ውሃ አልቀበልም ስለሚል ለብ ባለ ዲስትልድ ውሃ አሽታችሁ እርጥብ ሊጥ እስኪመስል አርሱት። በየአንድና ሁለት ዓመቱም፣ የአሜሪካው ክረምት ሊያልቅ ሲል፣ ቀይሩት፤ ፒትም ውሎ አድሮ ይበሰብሳል።

«ቅጠሏ ቢጫ ካለ ናይትሮጅን አጥሯታል ማለት ነው፤ ግማሽ ማንኪያ ማዳበሪያ በውሃ በጥብጡላት።»

ቢጫነት ብዙ መነሻ አለው። ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች በየጊዜው ቢጫ ሆነው ይሞታሉ። አንድ ወጥመድ ሦስትና አራት ጊዜ ከበላ ሥራውን ጨርሷል፣ ይጠቁራል። ከኅዳር እስከ የካቲት አካባቢ በአሜሪካው ክረምት ትተኛለች፣ ቅጠሏም አብዛኛው ይሄዳል። ብርሃን ሲያንሳትም ትገረጣለች፣ ይህ እንዲያውም ቤት ውስጥ ለምትኖር ተክል ዋነኛው ነው። ማዳበሪያ ከእነዚህ አንዱንም አይፈታም። ጨው አብዝቶባት ቢጫ ያለችን ተክል ደግሞ ማዳበሪያ መስጠት ሌላ ጨው መጨመር ነው። ማዳበሪያ እኮ ጨው ነው፣ ናይትሬት፣ አሞኒየም፣ ፖታሺየም። በቲዲኤስ ሜትር ለኩት፣ ለአበባ ታስቦ የተበጠበጠ ማዳበሪያ ውሃውን በቀላሉ ከአንድ ሺህ በላይ ያደርሰዋል።

ባትሞት እንኳ ትቀየራለች። አሮን ኤሊሰንና ኒኮላስ ጎቴሊ በ2002 ያሳተሙት ጥናት አለ፣ ስለ ፍላይትራፕ ሳይሆን ስለ ሰሜን አሜሪካዋ እንስራ መሰል ሥጋ በል፣ ሳራሴኒያ ፑርፑሪያ። ናይትሮጅን ሲጨምሩላት እንስራ መሥራት ቀነሰች፣ በምትኩ ነፍሳት የማይዝ ጠፍጣፋ ቅጠል አወጣች። ምግቡ በነጻ ከመጣ ወጥመድ ምን ያደርግላታል? እናንተ ደግሞ የገዛችኋት ለወጥመዷ ነው።

ጸሐፊው «የተመገበች ትበረታለች» ማለታቸው ስሕተት አይደለም፣ የስሕተቱ ቦታ በየት በኩል የሚለው ነው። የቻርልስ ዳርዊን ልጅ ፍራንሲስ በ1878 ያወጣው ሙከራ ይህን አሳይቷል። ድሮሴራ የምትባለውን የሚጣበቅ ጠል ያላትን ሥጋ በል ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ወገን ጥቃቅን የተጠበሰ ሥጋ ቅጠሉ ላይ እያስቀመጠ መገበ፣ ሌላውን ከለከለ። የተመገቡት በግልጽ ብዙ ዘር ሰጡ። ሥጋው የገባው ግን በቅጠል ነው። ይህን ሰምታችሁ ለፍላይትራፕ የክትፎ ቁራጭ እንዳትሰጧት፣ ስቡ ወጥመዱን ያበሰብሰዋል፣ ሥጋውም ስለማይንቀሳቀስ ፈሳሹ ሳይመነጭ ወጥመዱ መልሶ ይከፈታል። የወጥመዱን ሲሶ የሚያክል ዝንብ በወር አንድ ሁለቴ ይበቃታል። በረንዳ ላይ ከሆነች እሱንም ራሷ ታገኛለች።

«ትልልቅ አርቢዎችም ማዳበሪያ ይጠቀማሉ።»

ይጠቀማሉ። ግን ምን ላይ፣ እንዴት? ኔፔንቴስ የምትባለው የደቡብ ምሥራቅ እስያዋ ተንጠልጣይ እንስራ ላይ ነው፣ በጣም አቅጥነው፣ ወደ እንስራው ውስጥ ጠብ ያደርጋሉ ወይም ቅጠሉን ይረጫሉ። ቡቃያ ቶሎ እንዲያድግ የሚረጩም አሉ። አፈር ውስጥ አያፈሱም። ኔፔንቴስ እንዲያውም ከፍላይትራፕ ይልቅ ውሃ ላይ ቻይ ናት። ሜክሲኮ ከኖራና ከጂፕስ ቋጥኝ ላይ የሚበቅሉ ፒንጉይኩላ የሚባሉ ሥጋ በሎች አሉ፣ ማዕድን አያስፈራቸውም። ፖርቱጋልና ሞሮኮ ደረቅ ኮረብታ ላይ የምትኖር ድሮሶፊለም የምትባል ሥጋ በልም አለች፣ ሳህን ላይ ውሃ ብታስቀምጡላት ትበሰብሳለች። ስለዚህ «ሥጋ በል ተክል ሁሉ» የሚል ምክር፣ የእኔም ቢሆን፣ አትቀበሉ። እዚህ ያልኩት ለፍላይትራፕ፣ ለሳራሴኒያና ለብዙዎቹ የረግረግ ድሮሴራዎች ነው።

«አንዴ ከጠወለገች አለቀላት፤ ጥላችሁ ሌላ ግዙ።»

ቆዩ። ባለፈው በጋ የአንዲት ጓደኛዬ ተክል እንዲህ ተፈርዶባት ነበር። እስክንድሪያ ነው የምትኖረው፣ የቨርጂኒያዋ። ገዝታ እንደመጣች «ትንሽ ማሰሮ አሳዘነችኝ» ብላ ማዳበሪያ ያለበት የአበባ አፈር ውስጥ አዛወረቻት፣ የቧንቧ ውሃም ታጠጣት ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ደህና ነበረች፣ ሰው የሚሳሳተውም ለዚህ ነው። ተክሏ ከመሬት ሥር ባለው ወፍራም ግንዷ ውስጥ ስንቅ አላት፣ እሱን እየበላች ትቆያለች። ከዚያ አዲሶቹ ወጥመዶች ጥቁር ሆነው መውጣት ጀመሩ።

መጀመሪያ ማሰሮው ላይ አንድ ኩባያ ዲስትልድ ውሃ አፍስሰን ከታች የወጣውን ለካን። መሣሪያው ከ1,000 በላይ አሳየ። ያፈሰስነው ዜሮ ነበር። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲመጣ ማጠብ አያዋጣም፣ ምክንያቱም አፈሩ ራሱ ነው ጨው የሚለቀው። ነቀልናት። ዲስትልድ ውሃ በሞላው ሳህን ውስጥ አፈሩን ከሥሯ በጣት እያላቀቅን አጠብናት፣ ውሃውንም እስኪጠራ ቀያየርን። ጥቁርና ልፍስፍስ ያለውን ሥር በመቀስ ቆረጥን። ከዚያ ዋናው ነገር ታየ፦ የቅጠሎቹ መነሻ፣ ነጭ ሽንኩርት ጥፍር የሚያክል ነጭ ጠንካራ ነገር። ጫን ስትሉት ከጠነከረና ነጭ ከሆነ ሕይወት አለ። ቡኒ ሆኖ ከረጠበና ከሸተተ የለም። የእሷ አንድ ጎኑ ቡኒ፣ ሌላው ነጭ ነበር። ቡኒውን ቆርጠን ጣልን።

አዲስ ፒትና ፐርላይት ውስጥ፣ ነጩ እስኪሸፈን ብቻ ተከልናት። ሳህን፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ዲስትልድ ውሃ፣ የጠዋት ፀሐይ። የቀሩትን አስቀያሚ ቅጠሎች አረንጓዴ እስከሆኑ ድረስ አልነካንም፣ ብርሃን ይሰበስባሉና። ማዳበሪያ የለም፣ ዝንብም የለም፤ የተዳከመ ወጥመድ የያዘውን ሳይፈጭ ይበሰብሳል።

አፈሩ ትክክለኛ ሆኖ ጥፋቱ የውሃው ብቻ ከሆነ ግን መንቀል ላያስፈልግ ይችላል። ማሰሮውን ማጠቢያ ገንዳ ላይ አድርጋችሁ ማሰሮው የሚይዘውን ሁለት ሦስት እጥፍ ዲስትልድ ወይም የዝናብ ውሃ ቀስ ብላችሁ ከላይ አሳልፉ፣ ይንጠፍጠፍ፣ በሳምንቱ ድገሙት። የሚወጣውን ለኩ። ከ100 በታች ከወረደ በቃ። ሁለት ጊዜ አጥባችሁም ከጥቂት መቶ ካልወረደ ፒቱን ቀይሩ።

የጓደኛዬ ተክል የመጀመሪያ ቅጠል ያወጣችው ከወር ከምናምን በኋላ ነው፣ ወጥመዱም የምስር ፍሬ የምታክል፣ ጥርሱ የተጣመመ። አትደንግጡበት፣ ያ ቅጠል የተፀነሰው ገና ጨው ውስጥ እያለች ነው። የምትፈርዱት በሦስተኛውና በአራተኛው ቅጠል ነው፤ ከበፊቱ እየተለቀ፣ ጫፉ ሳይጠቁር ከተከፈተ ያን ጊዜ ዝንብ መስጠት ትችላላችሁ።